«ስላይትሊ ዩዝድ» ላለን ሻጭ የላክንለት መልእክት



ሦስት ጓደኛሞች ነን። ደሴ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የኒካሕና የሰርግ ቪዲዮ እናቀናብራለን፤ አልፎ አልፎ የሱቅ ማስታወቂያም ይመጣልናል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሁለት ያገለገሉ ግራፊክስ ካርዶች ነው። አንዱን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቀን ገዛነው። ሁለተኛውን ግን አንድ ሙሉ ምሽት ተከራክረን በጻፍነው መልእክት ነው ያገኘነው።

በመጀመሪያው እንጀምር። ቴሌግራም ላይ «አርኤክስ 580፣ 8 ጊጋ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ መቶ በመቶ የሚሰራ» የሚል ማስታወቂያ አየን። ሻጩ አዲስ አበባ ነው። «ይሰራል?» አልነው። «አዎ ወንድሜ» አለ። «ችግር አለው?» አልነው። «ምንም» አለ። ብሩን ላክን፣ ካርዱ በአውቶቡስ መጣ፣ ገጠምነው፣ ሰራ። አልሐምዱሊላህ ብለን ሥራ ጀመርን።

በሦስተኛው ሳምንት የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ሬንደር እያደረግን ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናበራው ተነሳ፤ ሬንደር ስንጀምር ደግሞ ጠቆረ። ኢንተርኔት ስንከፍት፣ ፎቶ ስናይ፣ ፊልም ስናይ ምንም አይልም። ሥራ ሲበዛበት ብቻ ነው የሚሞተው። ባለ ሰርጎቹ በየቀኑ ይደውላሉ፣ እኛ ደግሞ ሰበብ እንፈጥራለን። በመጨረሻ ካርዱን ይዘን ወደ ጥገና ባለሙያ ሄድን።

ባለሙያው መጀመሪያ ያየው ባዮሱን ነው። ግራፊክስ ካርድ በራሱ ላይ የተጫነች ትንሽ ፕሮግራም አለችው፤ ቺፑም ሜሞሪውም በምን ፍጥነትና በምን ቮልቴጅ እንደሚሠሩ የምትወስነው እሷ ናት። የኛ ካርድ ባዮስ ፋብሪካው የጫነው አልነበረም። የሜሞሪው ፍጥነት ከፍ፣ የዋናው ቺፕ ፍጥነት ደግሞ ዝቅ ተደርጓል። ባለሙያው እንዳየው ሳቀና «ይሄ ማይኒንግ ላይ የነበረ ነው» አለን።

ማይኒንግ ስንል ብዙ ሰው ቢትኮይን ይመስለዋል። ቢትኮይን ከብዙ ዓመት ወዲህ የሚሠራው ለዚያ ብቻ በተፈበረኩ ማሽኖች ነው፤ አሁን በሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ገዝተው ይሠራሉ የሚባሉትም የሚጠቀሙት እነሱን ነው። በግራፊክስ ካርድ በብዛት ይሠራ የነበረው ኢቴሪየም ነበር። እሱ ከዋናው ቺፕ ይልቅ የሚፈልገው ፈጣን ሜሞሪ ነው። ስለዚህ ማይነሮቹ እንደ አርኤክስ 580 ባሉ ካርዶች ላይ ባዮሱን እየቀየሩ ሜሞሪውን ያፋጥኑ፣ ቺፑን ደግሞ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ያቀዘቅዙ ነበር። ሜሞሪው አንዳንዴ ቢሳሳት ለነሱ ብዙ ጉዳት የለውም፤ አንድ ስሌት ይበላሽና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ለኛ ግን እዚያው ስህተት ሬንደሩን ያቋርጠዋል፣ ወይም ስክሪኑን ያጠቁረዋል። ለሱ «የሚሰራ» የሆነው ካርድ ለኛ የማይሰራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያው የፋብሪካውን ባዮስ መልሶ ጫነበት። ካርዱ ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልዳነም፤ ከሜሞሪ ቺፖቹ አንዱ ተጎድቷል። ለሻጩ ደወልን። ተቆጥተን ነበር፣ አንደብቅም። እሱ ግን ረጋ ብሎ «ይሰራል ወይ አላችሁኝ፣ እኔ ዘንድ ይሰራ ነበር» አለን።

እዚህ ላይ ነገሩን ለሁለት ከፍለን ማየት አለብን። ሻጩ የሚያውቀውን ዐይብ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ያልተጠየቀ ቢሆንም። ረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን እህሉ ክምር ውስጥ ሲያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ሁላችንም ከመድረሳ ጀምረን ሰምተነዋል። ይሄ የሱ ድርሻ ነው። የኛ ድርሻ ደግሞ አለ፦ እኛ እጃችንን ክምሩ ውስጥ አላስገባንም። ሁለት ጥያቄ ጠየቅን፣ ሁለቱም በአንድ ቃል የሚመለሱ። «ይሰራል?» የሚል ጥያቄ ሐቀኛውንም ሐሰተኛውንም «አዎ» ያሰኛል። ያ ሰው ባዮሱ መቀየሩን ያውቅ እንደነበርም እስከ ዛሬ እርግጠኞች አይደለንም፤ ምናልባት እሱም እንደኛ «ይሰራል?» ብሎ የገዛው ነው።

ከወራት በኋላ ትንሽ ብር አጠራቅመን ሌላ ካርድ ፍለጋ ወጣን። አሁንም አዲስ አበባ የሚኖር ሰው አርቲኤክስ 3060 በ38 ሺህ ብር አወጣ። ማስታወቂያው ላይ «1 ዓመት ብቻ የተሠራበት፣ በጣም ንጹሕ» ይላል። መልእክቱን ለመጻፍ ከመግሪብ በኋላ ተቀመጥን።

አንደኛችን ወዲያው «ማይኒንግ ተሠርቶበታል ወይ በሉት» አለ። ሌላኛችን ሳቀበት፤ «አዎ የሚልህ ማን ነው? አዎ ካለ ካርዱ አይሸጥለትም።» ክርክሩ ከዚህ ተነሳ። እውነት ነው፤ ሰው እውነቱን ሲናገር የሚከስር ከሆነ ጥያቄው ውሸት እየጠራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መልእክቱን የጻፍነው እውነቱን መናገር ሻጩን ብዙ እንዳያስከፍለው አድርገን ነው። ከማስታወሻችን እንዳለ እነሆ፦

«አሰላሙ ዐለይኩም ወንድማችን። ስለ አርቲኤክስ 3060 ካርድህ ነው የምንጽፍልህ። ብሩ በእጃችን ነው፤ ዝም ብለን ዋጋ ለማውረድ አይደለም የምንጠይቅህ። ካርዱን ለቪዲዮ ሥራ ነው የምንፈልገው፣ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ይሠራበታል። ስለዚህ የምታውቀውን ያህል እንድትነግረን እንለምንሃለን።

ካርዱን መቼና ከማን ገዛኸው? ስትገዛው በካርቶን አዲስ ነበር ወይስ ያገለገለ? ካንተ በፊት ማን ምን እንደሠራበት ካላወቅክ «አላውቅም» በለን፣ እሱም ለኛ መልስ ነው። አንተ ዘንድ ምን ይሠራበት ነበር? በቀን በግምት ስንት ሰዓት? ማይኒንግ ላይ የነበረ ቢሆንም ጥለንህ አንሄድም፤ ፋንና ፓድ የምንቀይርበትን አስበን በዋጋ እንነጋገራለን።

ተፈትቶ ያውቃል? ማን ፈታው፣ ምን ተቀየረ? መብራት ሲሄድና ሲመጣ ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር ነበረህ? ድምፅ፣ ሙቀት፣ ስክሪን መጥቆር፣ ትንሽም ቢሆን ያስተዋልከው ነገር አለ? ለምን ትሸጠዋለህ?

ከተመቸህ ሦስት ፎቶ ላክልን፦ ሲሪያል ቁጥሩ ያለበትን ሌብል፣ የካርዱን ጀርባና ማዘርቦርድ ውስጥ የሚገባውን ወርቃማ ጥርስ፣ እንዲሁም GPU-Z ተከፍቶ ስክሪኑ አጠገብ የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይዘህ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልነገርከን ችግር ቢገኝበት ምን እንደምናደርግም ከአሁኑ እንስማማ። አላህ ይባርክልህ።»

ይሄን ነው የላክነው። ረዘመ ብላችሁ ይሆናል፤ እኛም ፈርተን ነበር። ሻጭ በቀን ሃያ ሰው «ላስት ፕራይስ?» እያለ ያደክመዋል። ግን ብሩ በእጃችን ነው የሚለው የመጀመሪያው መስመር ሰውየውን እስከ መጨረሻው ሳያስነብበው አልቀረም።

መልሱ በማግስቱ ማታ በድምፅ መጣ። ልጁ ካርዱን የገዛው ከዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ ዕቃ ከዱባይ ከሚያመጣ ሰው ነው። ያኔም ያገለገለ ነበር። «ከዚያ በፊት የማን እንደነበር ወላሂ አላውቅም» አለ። እሱ ማታ ማታ ጌም ይጫወትበታል፣ ወደ ሦስት ሰዓት። ሙቀት ሲበዛበት ሰፈራቸው ያለ ልጅ ፈትቶ ፔስትና ፓድ ቀይሮለታል። ሲነሳ አንዱ ፋን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዩፒኤስ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። የሚሸጠው ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ስለደረሰው ላፕቶፕ ሊገዛበት ነው።

ማስታወቂያው ላይ «በጣም ንጹሕ» ያለው ልጅ በመልእክት ሲጠየቅ የፋኑን ጩኸት ሳይቀር ነገረን። ሰውየው አልተቀየረም፤ ጥያቄው ነው የተቀየረው።

ፎቶዎቹም መጡ። ካርዱ የጊጋባይት ነው። በዚህ ፋብሪካ ሲሪያል ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለት ደግሞ ሳምንቱን ይነግሩሃል። የኛው በ2114 ይጀምራል፤ የ2021 14ኛ ሳምንት፣ ማለት ኤፕሪል 2021። (ሌሎች ፋብሪካዎች በየራሳቸው መንገድ ነው የሚጽፉት፤ ይሄን በሁሉም ካርድ ላይ አትሞክሩት።) እንግዲህ «1 ዓመት ብቻ የተሠራበት» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት አልነበረም፤ ልጁ ዘንድ የቆየው አንድ ዓመት ነው። ካርዱ ግን ከተመረተ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሻጭ የሚቆጥረው የራሱን ዓመት ነው፣ እኛ የምንገዛው ግን የካርዱን ዕድሜ ነው። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ሠራህበት» እና «ካርዱ መቼ ተመረተ» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሌብሉ ነው የምታገኙት።

ኤፕሪል 2021 ሲባል እኛን ያሳሰበን ለምንድን ነው? አርቲኤክስ 3060 ገበያ ላይ የወጣው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2021 ነው። የኢቴሪየም ማይኒንግ የጦዘበት ጊዜ ነበር፤ ካርድ ከሱቅ ይጠፋ ነበር። ኒቪዲያ ማይነሮች እንዳይሻሙት ብሎ የዚህን ካርድ የኢቴሪየም ፍጥነት በግማሽ አሰረው። ግን በማርች ወር ለሙከራ ያወጣው 470.05 የተባለ ድራይቨር በስህተት እስሩን ፈታው፣ እነሱም ይዘውት ቀሩ። ስለዚህ «3060 ማይኒንግ አይሠራበትም» የሚላችሁ ሻጭ ግማሹን ታሪክ ነው የሚነግራችሁ። ኢቴሪየም በግራፊክስ ካርድ መሠራቱ የቆመው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ነው። ከዚያ በኋላ ነው በየሀገሩ ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን ያጥለቀለቁት።

በወረቀት አሰላነው። የኛ ካርድ ከተመረተ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ማይኒንግ ላይ ነበር ብንል 17 ወር ነው፤ ማይኒንግ ሌሊትና ቀን ስለማይቆም ወደ 12 ሺህ ሰዓት ይሆናል። ልጁ ደግሞ በቀን ሦስት ሰዓት ተጫወተበት ብንል በዓመት ከ1,100 ሰዓት አይበልጥም። ሰዓት መጠየቅ ዓመት ከመጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ግን ደግሞ ፍርድ ላይ አንቸኩል። ማይኒንግ ካርድ ገዳይ ነው የሚባለው ነገር እኛ ከምናስበው በላይ የተጋነነ ነው። ካርድን የሚጎዳው አንዱ ነገር መሞቅና መቀዝቀዝ መፈራረቁ ነው፤ ብየዳዎቹ ሲሰፉና ሲጠቡ ውለው አድረው ይሰነጠቃሉ። በጥንቃቄ የሚሠራ ማይነር ካርዱን በአንድ ሙቀት ላይ፣ ቮልቴጁን ቀንሶ ነው የሚያቆየው። የሚያልቁት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ያለ ዕረፍት የሚዞረው ፋን፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ፔስት፣ ሜሞሪው ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች። እነዚህ ሦስቱ ይቀየራሉ። የማይቀየረው፣ ወይም ለመቀየር ከካርዱ ዋጋ የሚቀራረብ የሚያስወጣው፣ የተጎዳ ሜሞሪ ወይም የተጎዳ ዋና ቺፕ ነው። «ማይኒንግ ቢሆንም እንገዛለን» ብለን ስንጽፍ ማታለያ አልነበረም፤ እውነትም እንገዛው ነበር።

በጀርባው ፎቶ ላይ ከፓዶቹ አካባቢ ቅባት የመሰለ ወዝ ይታያል። ፓድ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ዘይቱን ይለቃል። ማይኒንግ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ብዙ መሞቁን ያሳያል። GPU-Z ላይ ደግሞ ሜሞሪው 12 ጊጋ፣ Bus Width የሚለው 192 ቢት ነው። ይሄን ያየነው በምክንያት ነው፤ በ2022 መጨረሻ ላይ በዚያው ስም 8 ጊጋና 128 ቢት የሆነ ደካማ 3060 ወጥቷል፤ ማስታወቂያ ላይ «3060» ብቻ ተጽፎ ስታዩ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሌላም አለ፦ አሮጌ ካርድ ላይ የሌላ ካርድ ባዮስ ተጭኖ በአዲስ ስም ከተሸጠ GPU-Z ስሙ ፊት [FAKE] ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ወረቀት ላይ ቀን አስጽፈን ያስነሳነው ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ እንዳይሆን ነው።

አዲስ አበባ የአክስት ልጅ አለን። ልጁ ቤት ሄዶ እዚያው እንዲሞክርልን ለመንነው፣ ሻጩም እሺ አለ። እኛ በስልክ እያስረዳን እሱ እየሠራ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። የልጁ እናት ሻይ አፍልተው አጠጡት፤ እሱ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ሻዩ ነው።

መጀመሪያ ያስከፈትነው የዊንዶውስን Event Viewer ነው። ድራይቨሩ ሞቶ ከተነሳ 4101 በሚል ቁጥር Display driver nvlddmkm የሚል መስመር ተመዝግቦ ይገኛል። ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ አንድም አልነበረም። ሻጩ «ጠቁሮብኝ አያውቅም» ያለው ከራሱ ኮምፒውተር መዝገብ ጋር ተስማማ ማለት ነው።

ቀጥሎ FurMark ለ20 ደቂቃ አስነሳ። ይሄ ፕሮግራም ካርዱን በሙቀትና በኤሌክትሪክ በኩል ያስጨንቀዋል፤ ሜሞሪውን ግን እምብዛም አይፈትሸውም። ብዙ ሰው FurMark አለፈ ብሎ ብሩን ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ካርዳችን ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር ብለን እናስባለን። ስለዚህ ለሜሞሪው OCCT ውስጥ ያለውን የVRAM ፈተና ጨመርን። ስህተት ዜሮ። በፍላሽ ይዞት የሄደውን የኛን የሰርግ ፕሮጀክትም ሬንደር አደረገው፤ ሳይቋረጥ አለቀ።

ካርዱ እየሠራ GPU-Z ላይ Bus Interface የሚለውን አስነበብነው። ያለ ሥራ ሲቀመጥ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በሥራ ላይ ግን መስመሩ x16 ብሎ መቆየት አለበት። x8 ወይም x4 ላይ ከቀረና ማዘርቦርዱ ጤነኛ ከሆነ፣ ወርቃማው ጥርስ ተጎድቷል ወይም ቆሽሿል ማለት ሊሆን ይችላል። የኛው x16 ነው።

አንድ ነገር ግን አልጣመንም። የቺፑ ሙቀት 74 ዲግሪ ነበር፣ ጥሩ ነው። Hot Spot የሚለው፣ ማለትም ከቺፑ ውስጥ በጣም የሞቀው ነጥብ፣ 99 አሳየ። በሁለቱ መሃል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር አያስደንቅም። 25 ሲሆን ግን ማቀዝቀዣው ቺፑ ላይ በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። ሻጩን «ያ ልጅ ሲፈታው ምን ያህል ውፍረት ያለው ፓድ ነው ያደረገበት?» ብለን ጠየቅነው። ደውሎ ጠየቀልንና «የነበረውን አልለካውም፣ እጄ ላይ የነበረውን ነው ያደረግኩት ብሏል» አለን። ነገሩ እዚያው ገባን። ፓዱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ ማቀዝቀዣውን ሽቅብ ያነሳዋል፤ ሜሞሪው ይቀዘቅዛል፣ ዋናው ቺፕ ግን ከመዳቡ ጋር ሙሉ በሙሉ አይነካካም። ይሄ የሚድን በሽታ ነው። ግን «ተፈትቶ ያውቃል?» ብለን ባንጠይቅ ኖሮ 99ን አይተን የተቃጠለ ቺፕ መስሎን ጥለነው እንሄድ ነበር።

ዋጋውን ተነጋገርን። ፋን፣ ፓድና ፔስት፣ የባለሙያውም ድካም ተደምሮ 34 ሺህ ላይ ተስማማን። ልጁ «እኔም የፋኑን ስነግራችሁ እንደምትቀንሱ አውቄ ነበር» ብሎ ሳቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልተነገረን ችግር ከተገኘ ካርዱን ሊመልስ፣ የትራንስፖርቱን እኛ ልንችል፣ ይሄንኑ በጽሑፍ ላከልን። መልእክቱን እስካሁን አላጠፋነውም።

ካርዱ ደሴ ሲደርስ እኛው ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። ፈትቶ አሳየን። ቺፑ ላይ ያለው ፔስት በአንድ ጥግ በኩል ወፍሮ፣ ሳይጨፈለቅ እንደተቀባ ደርቋል፤ መዳቡ እዚያ ጋ ሳይነካው ኖሯል። ፓዶቹን በትክክለኛው ውፍረት ቀየረ፣ ፔስቱን አደሰ። ፋን ግን ከተማው ውስጥ የሚሆን አጣን፤ ከአንድ የሞተ ተመሳሳይ ካርድ ላይ ነቅሎ ነው የገጠመልን። በዚያው FurMark ለ20 ደቂቃ ስንሞክረው ቺፑ 70፣ Hot Spot 82 ሆነ። እኛ ደግሞ የመብራቱን ነገር አስበን ትንሽ ዩፒኤስ ገዛን፤ ሬንደር መጨረስ ባያስችልም ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል። የቁጥሮቹን ፎቶ ለልጁ ስንልክለት «እኔ ዘንድ እያለ ነበር እንዲህ መሆን የነበረበት» ብሎ መለሰልን።

የቀረን አርኤክስ 580 ነበር። ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከቆየ በኋላ ለመሸጥ ተስማማን፤ የማስታወቂያው አጻጻፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ምሽት የባሰ ክርክር አስነሳ። አንዳችን «ቢያንስ ዋጋው ላይ በኢንቦክስ እንበል» አለ። በመጨረሻ የለጠፍነው ይሄ ነው፦ «አርኤክስ 580፣ 8 ጊጋ። ለመለዋወጫ። ማይኒንግ ላይ የነበረ ይመስላል፤ ባዮሱ ተቀይሮ ነበር፣ ተመልሷል። ከሜሞሪ ቺፖቹ አንዱ ይሳሳታል፤ ሬንደርና ጌም ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል። ፋኖቹና ማቀዝቀዣው ጤነኛ ናቸው። 3 ሺህ ብር።»

በዚያው ቀን ሦስት ሰዎች ጻፉልን። የመጀመሪያው መልእክት «ይሰራል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ላስት ፕራይስ?»። ሦስተኛው ኮምቦልቻ ያለ ጥገና ባለሙያ ነው፤ ፋኖቹ ስንት ሚሊሜትር እንደሆኑ ጠየቀን። ለክተን ነገርነው፣ በማግስቱ መጥቶ ወሰደው።